በእንግድነት ባደሩበት ቤት በሮችን ስለ መቍጠር

የታኅሣሥና የሐምሌ 19 ቀን በቀረበ ቍጥር ከየአውራጃው ወደ ቁልቢ የሚወጣው ሕዝብ ብዙ እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ከዚህም ሕዝብ ውስጥ ብዙው መንገዱን በድሬዳዋ በኩል ያደርጋል። ድሬዳዋ የምድር ባቡር ከደረሰባት ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛን ማሳደር የለመደች ከተማ ናት፤ ሆኖም በክብረ በዓሉ ሰሞን ሆቴሉም ፔንሲዮኑም ስለሚሞላ፣ ዘግይቶ የደረሰ ቤተ ሰብ በከተማይቱ ዙሪያ ባለው ገጠር፣ ለምሳሌ በቢዮ አዋሌ፣ ከዘመድ ወይም ክፍል ከሚያከራይ ሰው ዘንድ ማደሪያ ይፈልጋል። በዚህ ወር ገጻችን ስለ ስንቅና ስለ ልብስ አንናገርም። የምንናገረው አባወራውና እመቤቲቱ የማያውቁት ቤት ገብተው ሻንጣቸውን ካስቀመጡ በኋላ፣ እግራቸውን ከመታጠባቸውም በፊት፣ ሊያደርጉት ስለሚገባ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ይኸውም መውጫውን በዓይን አይቶ፣ በእጅ ከፍቶ፣ እስከዚያ ድረስ ያሉትን በሮች መቍጠር ነው።

እሳት በማደሪያ ቤት አይነሣም የሚል ሰው ቢኖር፣ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ዕለት በአዲስ አበባ በፒያሳ የሆነውን ያስታውስ። በአገራችን ከሆቴሎች ሁሉ ቀዳሚ የሆነው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በዚያ ቀን እሳት ተነሥቶበት፣ ጃዝአምባ ይባል የነበረው የሙዚቃ አዳራሹ ተቃጥሏል። ከመቶ ዓመት በላይ ሲያስተናግድ በኖረ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ፣ ትናንት በተሠራው ፔንሲዮን አይደርስም ብሎ መተኛት ማስተዋል አይደለም።

ስለ ምን በር እንቈጥራለን? ብዙ ሰው በቃጠሎ ጊዜ የሚገድለው ነበልባሉ ይመስለዋል። ነገር ግን በትልልቅ ቤቶች ቃጠሎ ብዙውን ሰው የሚገድለው ጢሱ ነው። ጢስ ትኩስ ስለ ሆነ አስቀድሞ ወደ ጣራው ይወጣል፤ ከዚያም ጣራውን ይዞ በመተላለፊያው ይዘረጋል፤ እየበዛም ሲሄድ እንደ መጋረጃ ወደ ታች ይወርዳል። እንግዲህ «መውጫ» የሚል ጽሕፈት ወይም መብራት የሚሰቀለው ከበሩ በላይ ስለ ሆነ፣ ጢሱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸፍነው እርሱን ነው። መብራቱም ቢሆን ወዲያው ይጠፋ ይሆናል። በዚህ ላይ በጢሱ ውስጥ የማይታይና የማይሸት መርዛም አየር አለ፤ ይህም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ሲሆን፣ የሳበውን ሰው ከመግደሉ በፊት አሳቡን ያደበዝዘዋል፣ ጕልበቱንም ያዝለዋል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት «ደረጃው በየት በኩል ነበር?» ብሎ ማሰብ የሚጀምር ሰው፣ በማይረዳው ልቡና ላይ ይደገፋል። ቀድሞ የተቈጠረ ቍጥር ግን ማሰብን አይጠይቅም፤ እጅ ግድግዳውን ይዞ ይቈጥራል፤ ጕልበት ይከተላል።

እርምጃ ከመቍጠር በር መቍጠር የሚሻልበትም ምክንያት ይኸው ነው። ቀን ቆመን ስንሄድ የምንራመደው ሌሊት በእጅና በጕልበት ስንድኽ ከምንሄደው ጋር አይመጣጠንም፤ በጢስ ጊዜ ደግሞ ንጹሕ አየር የሚገኘው በወለሉ አጠገብ ስለ ሆነ መዳኽ ግድ ነው። የበር መቃን ግን ቆሞ ለሚሄደውም ለሚድኸውም አንድ ነው፤ ከግድግዳው ወጣ ወይም ገባ ብሎ ይገኛልና በጨለማ በጣት ይታወቃል።

አሁን ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ቤተ ሰብ፣ አባትና እናት ከሁለት ልጆችና ከአያት ጋር፣ በድሬዳዋ ባለ አንድ ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ ላይኛው ክፍል አገኘ እንበል። ክፍላቸው በረጅም መተላለፊያ መካከል ነው። አባትየው ከክፍሉ ወጥቶ ጀርባውን ለራሱ በር ሰጥቶ ይቆማል። በቀኙ በኩል የመጡበት ደረጃ አለ። ወደ ቀኝ ሲዞር የራሱ ክፍል ግድግዳ በቀኝ እጁ በኩል ይሆናል፤ ወደ ግራም ቢዞር ግድግዳው በግራ እጁ በኩል ይሆናል። ስለዚህ ሥርዐቱ ለልጅም የሚያስቸግር አይደለም፤ ወደ ቀኝ የሚሄድ በቀኝ እጁ፣ ወደ ግራ የሚሄድ በግራ እጁ ግድግዳውን ይዳስሳል። ከማዶ ያሉት በሮች አይቈጠሩም፤ እጅ የማይደርስበትን መቍጠር ሌሊት ያሳስታልና።

አባትየው በቀኝ እጁ መቃኑን እየነካ ይሄዳል። የራሱን በር አይቈጥርም፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው «አንድ» ነው። ሁለትና ሦስት የእንግዳ ክፍሎች ናቸው። አራተኛው የተቈለፈ ዕቃ ቤት ነው፤ እንግዳ ባይገባበትም እጅ ያገኘዋልና ይቈጠራል። አምስተኛው መጸዳጃ ቤት ነው፤ ቀን ቀን በሩ ወለል ብሎ ስለሚከፈት ዓይን ይስተው ይሆናል፤ ጣት ግን ሁለቱን መቃኖች ያገኛቸዋል፤ ሁለቱ መቃኖች አንድ በር ናቸው። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ያልቃል፤ ደረጃውም ይጀምራል። እንግዲህ «በቀኝ አምስት፣ ከዚያ ደረጃ» ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ ብቻ አይቆምም። ወደ ክፍሉ ሲመለስ እንደ ገና ይቈጥራል። በመልስ ጕዞ ግን ግድግዳው በግራ እጁ በኩል ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ «አንድ» ይሆናል፤ የራሱም በር «ስድስት» ይሆናል። ይህን ልዩነት ሳያስተውሉ «አምስት ነው» ብለው የተመለሱ ሰዎች የጎረቤት በር ያንኳኳሉ። በሰላሙ ቀን ይህ ሣቅ ነው፤ በጢስ ጊዜ ግን መመለስም እንደ መውጣት ያለ መዳኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱም ቍጥር ይታወቅ። ቍጥሩንም በወረቀት ጽፎ በበሩ ውስጣዊ ገጽ ላይ መለጠፍ፣ ወይም ለልጆቹ ጮኽ ብሎ ማስደገም ይገባል። ልጆች ይህን እንደ ጨዋታ ይወዱታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጊዜ ቢሄዱበት ከአባታቸው ይልቅ አጥብቀው ይይዙታል።

ከዚህ በኋላ ወደ ግራ ይሄዳል። አንድ መውጫ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ እሳቱ በዚያው መውጫ በኩል ከተነሣ ምንም አያውቅም ማለት ነውና። በግራ እጁ ሲቈጥር አንድ፣ ሁለት ካለ በኋላ የብረት በር ያገኛል፤ ከበሩ ውጭ በጓሮ በኩል የሚወርድ የብረት ደረጃ አለ። በሩ ግን በጓጕንቸር ተቈልፏል። ዘበኛውን ቢጠይቀው ቍልፉ ባለቤቱ ዘንድ ነው፣ ባለቤቱም ሌላ ሰፈር ነው የሚያድረው ይለዋል። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ግልጽ ነው፤ ይህ በር በር አይደለም፣ ግድግዳ ነው። በቍጥር ውስጥ ሊገባ የሚችለው ባለቤቱ ከውስጥ ያለ ቍልፍ በሚከፈት መቀርቀሪያ የለወጠው እንደ ሆነ ነው። ያ እስኪሆን ድረስ ቍልፉ በዚያች ሌሊት በበሩ አጠገብ በምስማር እንዲሰቀል መለመን ነውር አይደለም፤ የሚያኰርፍ ባለቤት ቢኖርም ያኵርፍ። እምቢ ካለ በታችኛው ቤት ክፍል መለመን፣ እርሱም ከሌለ ሌላ ማደሪያ መፈለግ ይሻላል።

የተቈለፈ በር ምን እንደሚያደርግ የውጭው ዓለም በብዙ ሰው ነፍስ ተምሮታል። ኅዳር 12 ቀን 1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በላስ ቬጋስ ከተማ ኤምጂኤም ግራንድ በተባለው 26 ፎቅ ባለው ሆቴል፣ ጧት 1 ሰዓት ገደማ እሳት ታየ። እሳቱ የተነሣው በምድር ቤቱ ባለ ምግብ ቤት፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ ብልሽት ነበር። ነበልባሉ ወደ ላይኞቹ ፎቆች አልወጣም፤ ጢሱ ግን በአሳንሰሩ ጕድጓድና በደረጃዎቹ በኩል ሽቅብ ወጣ። ከሞቱት 85 ሰዎች ውስጥ አብዛኞቹ የሞቱት ከእሳቱ እጅግ ርቀው በላይኞቹ ፎቆች ሳሉ ነው። ወደ ደረጃው የሸሹትንም አንድ ነገር ጠበቃቸው፤ የደረጃው በር ከመተላለፊያው ወደ ደረጃው ሲገቡ ይከፈታል፣ ከኋላቸው ሲዘጋ ግን ከደረጃው ወገን አይከፈትም ነበር። በደረጃው ውስጥ ጢስ ያገኘው ሰው ወደ መጣበት መመለስ አልቻለም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ መውጫን ስንመረምር በሩን መክፈት ብቻ አይበቃም፤ አንድ ሰው በሩን ይዞ ሲቆም ሌላው ወደ ደረጃው ገብቶ በሩ ከዚያም ወገን ይከፈት እንደ ሆነ ማየት አለበት። ከዚያም ደረጃውን እስከ ታች ወርዶ የመጨረሻው በር ወደ ውጭ ያወጣ እንደ ሆነ ይመልከት። ደረጃው ወርዶ ወርዶ የሚያልቀው የሲሚንቶ ከረጢትና የተሰበረ ወንበር በተከመረበት ዕቃ ቤት ከሆነ፣ ያ መውጫ አይባልም። ሁለተኛው፣ ከክፍል የሚወጣ ሰው የክፍሉን ቍልፍ ይዞ ይውጣ። ቍልፉ ለንብረት ጥበቃ አይደለም፤ መንገዱ በጢስ ተዘግቶ ቢገኝ ወደ ክፍሉ ተመልሶ እንዲገባበት ነው። ስለዚህ ማታ ቍልፉ ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ፣ በራስጌ፣ ከእጅ ባትሪና ከጫማ ጋር ይቀመጥ።

የበዓል ሰሞን የራሱ የሆነ ችግር አለው። እንግዳ ሲበዛ በመተላለፊያው ፍራሽ ሊነጠፍ፣ ጓዝም በደረጃው አፍ ሊከመር ይችላል። ቀን የተቈጠረው መንገድ ሌሊት ሌላ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከመኝታ በፊት እመቤቲቱ አንድ ጊዜ ወጥታ ብትመለከተው መልካም ነው። ደግሞ መንገደኛው ጧፍና ሻማ ይዞ ስለሚጓዝ፣ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ በመስኮት መጋረጃ አጠገብ ማብራት ይቀናዋል፤ ቡና ለማፍላት ከሰል በመተላለፊያው የሚያቀጣጥሉም አይጠፉም። የከሰል ምድጃ ቦታው ግቢው ነው፤ ከላይ ያነሣነው የማይሸት መርዛም አየር ከከሰልም ይወጣልና፣ ምድጃውን ለሙቀት ብሎ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ያለ ቃጠሎ ይገድላል።

የመውጫ ጕዳይ በክፍሉ ደጃፍ አያልቅም። በእኛ አገር ብዙ ማደሪያዎች በአጥር የተከበቡ ናቸው፤ የግቢው የብረት በር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ይቈለፋል፤ ቍልፉም ከዘበኛው ጋር ነው። እንግዲህ ዘበኛው የት እንደሚተኛ፣ ቍልፉንም የት እንደሚያኖር መጠየቅ ከበር ቍጥሩ ጋር አንድ ሥራ ነው። ከግቢው ውጭም ቤተ ሰቡ የሚገናኝበት አንድ ስፍራ፣ የመብራት ምሰሶ ወይም ትልቅ ዛፍ፣ ይወሰን። ያልተቀጣጠረ ቤተ ሰብ ይበተናል፤ አንዱ ሌላውን ፍለጋ ወደ እሳቱ ይመለሳል። ሌሊት ሕፃናቱን ማን እንደሚያነሣ፣ አያትንም ማን እንደሚደግፍ ማታውኑ ይነገር። አሳንሰር ያለው ሆቴል ቢሆን፣ በቃጠሎ ጊዜ አሳንሰሩ የለም ተብሎ ይቈጠር፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ተሳፋሪውን በመካከል ያስቀራል፣ ጕድጓዱም የጢስ መውጫ ይሆናል።

እንግዲህ ሌሊት የጢስ ሽታ ወይም ጩኸት ቢሰማ፣ ከመክፈት በፊት በሩን በእጅ ጀርባ መዳሰስ ነው። የእጅ ጀርባ ሙቀትን ቶሎ ይለያል፤ ቢቃጠልም መዳፍ ለመዳኽ ይተርፋል። በሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ጥቂት ገርበብ አድርጎ ማየት፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ ወጥቶ በሩን ከኋላ መዝጋት ይገባል፤ የተዘጋ በር እሳትንና ጢስን ብዙ ያዘገያልና። ጢሱ ሳስቶ ወደ ላይ ብቻ ከሆነ ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳውን ይዞ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ መሄድ ነው። ሦስተኛው በር ላይ ሲደርሱ ጢሱ እስከ ወለሉ የወረደ እንደ ሆነ፣ ቍጥሩ እዚህ ሁለተኛውን ጥቅሙን ይሰጣል፤ እጅ ለውጦ፣ ያንኑ ግድግዳ ይዞ፣ ሁለት በር አልፎ ሦስተኛው የራስ ክፍል ነው።

በሩ ግሎ ከተገኘ ወይም መመለስ ግድ ከሆነ ክፍሉ ራሱ መጠጊያ ይሆናል። በሩ ይዘጋ፤ ከሥሩ ያለው ክፍተት በእርጥብ ፎጣ ይደፈን። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች በብዙ ቤቶች ከበር በላይ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ይተዋል፤ ሰው ሥሩን ደፍኖ ይህን ይረሳዋል፤ ጢሱ ግን የሚመጣው በላይ ነውና እርሱም በእርጥብ አንሶላ ይወተፍ። ቧንቧ ሁልጊዜ ውኃ ስለማይገኝበት፣ ማታ አንድ ባልዲ ውኃ ሞልቶ ማሳደር የሚረዳው ለዚህ ነው። ከዚያ ወደ መስኮት ቀርቦ ነጭ ጨርቅ እያውለበለቡ መጣራት፣ ስልክም ካለ የክፍሉን ቍጥርና ፎቁን መናገር ይገባል። መስኮቱ ይከፈት እንጂ አይሰበር፤ ጢስ ከውጭ ቢመጣ መልሶ መዝጋት ያስፈልጋልና።

በዚህ ላይ የመስኮቱ ነገር ይነሣል። ሌባን ለመከላከል ተብሎ በመስኮቶች ላይ የሚበየደው የብረት ፍርግርግ፣ ሌባውን በውጭ እንደሚያስቀር ሁሉ ባለቤቱንም በውስጥ ያስቀራል። በቢዮ አዋሌና እርሷን በመሳሰሉ የገጠር ስፍራዎች የሚከራዩት ቤቶች ፎቅ የሌላቸውና በራቸው በቀጥታ ወደ ግቢ የሚከፈት ከሆነ፣ በር መቍጠር አያስፈልግም፤ መውጫው አንድ እርምጃ ነው። ነገር ግን ክፍሉ አንድ በር ብቻ ካለው፣ መስኮቱም በፍርግርግ ከተዘጋ፣ እሳቱ በበሩ በኩል በተነሣ ጊዜ ከፎቁ ቤት የባሰ ወጥመድ ይሆናል። እንዲህ ባለ ቤት የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ፍርግርጉ በማጠፊያ የሚከፈት ነው ወይስ የተበየደ? የሚከፈት ከሆነ ቍልፉ በውስጥ፣ ሕፃን በማይደርስበት ዐዋቂ ግን በጨለማ በሚያገኘው ስፍራ ይሰቀል። የተበየደ ከሆነ የቤተ ሰቡ አልጋ ከበሩ ራቅ ብሎ በጓዳው በኩል አይዘርጋ፤ በበሩ አጠገብ ይሁን። በበሩ ፊት ናፍጣ ወይም ቤንዚን የያዘ ጀሪካን፣ የጄኔሬተርም ሞተር ቢኖር፣ ወደ ግቢው ጥግ እንዲዛወር መጠየቅ ነው። ባለቤቱም ለማከራየት ብሎ ሁለተኛ ቤት የሚሠራ ሰው ከሆነ፣ ብረት ሠሪው ከመበየዱ በፊት ማጠፊያ እንዲያስገባበት ቢነግሩት በቀላል ወጪ የሚሆን ነገር ነው።

ከቁልቢ ሲመለሱ ያው ማረፊያ ሌላ ክፍል ይሰጥ ይሆናል፤ ምናልባትም ያንኑ መተላለፊያ ከማዶው ግድግዳ። ያን ጊዜ «በቀኝ አምስት» የተባለው «በግራ» ይሆናል፤ መጸዳጃ ቤቱም ከቍጥሩ ይወጣል። ስለዚህ ሻንጣው ከተቀመጠ በኋላ አባትየው ጀርባውን ለአዲሱ በር ሰጥቶ ቆሞ ከአንድ ይጀምራል።